ዘይቱ መቼ ይግባ? የቁሌት ክርክር

ሊዲያ፦ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሳቁላላ ወይ ያርብኛል፣ ወይ ዘይቱ ይበዛብኛል። ዘይቱ መጀመሪያ ይግባ ወይስ በኋላ?

የሰላም እናት፦ በኋላ ነው የኔ ልጅ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት አድቅቀሽ ክተፊና ባዶ ድስት ውስጥ ጨምሪው። መጀመሪያ የራሱን ውኃ ያወጣል። ያኔ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ክደኚው፣ አልፎ አልፎ አማስዪው። መንተክተኩን ትቶ መንጫጫት ሲጀምር ውኃው አልቋል ማለት ነው። ዋናው ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ክዳኑን አንሺ፣ እሳቱን ቀንሺ፣ ከአጠገቡ አትራቂ። ከድስቱ ስር ቡናማ ነገር ሲይዝ ሁለት ማንኪያ የፈላ ውኃ ጠብ አድርጊና በእንጨት ማማሰያ ፈቅፍቂው። የለቀቀው ነው ሽንኩርቱን የሚያቀላው። ሲይዝ እንደገና፣ ሲይዝ እንደገና። ከአንድ ሰዓት በታች አትጠብቂ።

ደረጀ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያለ ዘይት የተቁላላ ሽንኩርት ቅቅል ነው። እኔ ምግብ ቤት ነው የምሠራው። ዘይት ሙቀቱን እኩል ያዳርሳል፣ ከስርም አይዝም።

የሰላም እናት፦ ማዳረሱ ልክ ነው። ግን ሽንኩርቱ ውኃ እስካለው ድረስ በዘይት ውስጥም ቢሆን ይቀቀላል እንጂ አይቀላም። ከተቁላላ በኋላ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ይበቃል። በርበሬው ነው ዘይት የሚፈልገው። ቅቤው ደግሞ አለ።

ቤቲ ከሪያድ፦ እኔ ጊዜ ስለሌለኝ በሚክሰር እፈጨዋለሁ። ቶሎ ይደርሳል።

የሰላም እናት፦ ቤቲዬ፣ የተፈጨው ውኃውን ባንዴ ይለቃል፣ እየፈነጠቀ እጅ ያቃጥላል። ጥሬ ሽታው ሳይለቅ በርበሬ ከገባበት ወጡ ቢውል ቢያድር አይስተካከልም። ካልቀረ፣ ፈጭተሽም ቢሆን ውኃው እስኪመጥ ታገሺው።

ሳምሶን፦ የኔ ምስር ወጥ ነው፣ ለጾም። ሽንኩርቱ መሃሉ ጠቁሮ ዳር ዳሩ ነጭ ነው። ዘይት ልጨምር?

ሊዲያ፦ የኔም እንደዚያ ነው የሚሆነው! ድስቴ ስስ ነው።

የሰላም እናት፦ ዘይት አያድነውም። ስስ ድስት እሳቱ ባረፈበት ቦታ ብቻ ይግላል። ወፍራም ድስት ፈልጉ። ቡናማው ጠቁሮ የመረረ ሽታ ካመጣ ውኃ አትጨምሩበት፣ አትፈቅፍቁት። ምሬቱ ወደ ሙሉው ይሄዳል። ያላረረውን ከላይ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቅመሱ። ከመረረ ሌላ ሽንኩርት ክተፉ፤ በርበሬ ከገባ በኋላ ኪሳራው ይብሳል።

ደረጀ፦ ለአንድ ዶሮ እሺ። ሃያ ኪሎ ሽንኩርት ግን በጠብታ ውኃ ማን ቆሞ ያማስላል? እኔ ዘይቱን መጀመሪያ እጨምራለሁ፣ በመጨረሻ የተንሳፈፈውን እቀዳለሁ።

የሰላም እናት፦ የበርበሬውን ቀለምና ጣዕም አብረህ ቀዳህ። ያንን ዘይት ለሌላ ወጥ የምታውለው ከሆነ ግን አልከራከርህም።

ደረጀ፦ ለምስሩ ነው የማውለው።