የሻፍት ደረጃ ቁመት ግራ ገባኝ
ሰላም ወገኖች፣ ለወፍጮ ሻፍት በቶርኖ እያወጣሁ ነበር፣ ኩሽኔታው 6205 ባለ ጎማ ክዳን ነው፣ ውስጡ 25 ውጪው 52። መቀመጫውን 25.01 አድርጌው ጥብቅ ብሎ ገባ፣ ቤቱም 52.02፣ እዚያ ላይ ችግር የለም። ጣጣው ደረጃው ነው፣ ጠንካራ ይሁን ብዬ 38 ተውኩት፣ ለካ የውስጥ ቀለበቱን አልፎ ጎማውን እየፋቀ ኖሯል፣ አስር ደቂቃ ሳይሰራ ጋለ፣ ስፈታው ጎማው ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ መስመር አየሁ። አሁን ሻፍቱን 31 ላወርደው ነው፣ የቤቱን ደረጃ 46።

ግን ቀጣዩ 6308 ነው፣ 40 በ90፣ ካታሎግ የለኝም። እዚህም በየጎኑ 3 ሚሜ ይበቃል ወይስ የጠርዙ ክብነት 1.5 ስለሆነ 4.5 አድርጌ 49 እና 81 ልበል? ጥጉ ላይ ቢላው የሚተወውስ ክብነት፣ ከ1.5 ከበለጠ ኩሽኔታው ደረጃው ጋ አይደርስም አይደል? የሰራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፣ ብረቱ ተቆርጦ እየጠበቀ ነው