ስግብግብ ማለት ማን ነው?

ሰላም ከዲሲ፦ «ስግብግብ ባይሆኑ አይበሉም ነበር፤ ባንክ እያለ ማን ሂዱ አላቸው?» ትናንት እዚህ በጥቁር ገበያ ልከው ገንዘባቸው ስለተበላ ሰዎች የተጻፈ ነው። እህቴ ለአንድ የሐዋላ ሰው 3 ሺህ ዶላር በዜል ላከች። ሰውዬው ከባንክ በዶላር 15 ብር አስበልጦ ነበር የሚሰጣት። አራት ጊዜ በሰዓቱ አስገባ። በአምስተኛው ስልኩ ተዘጋ። እሷ ናት ስግብግብ?

ቆፍጣናው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላነሳውም። 15 በ3 ሺህ 45 ሺህ ብር ነው። ለ45 ሺህ ብር ብላ 3 ሺህ ዶላሯን ለማታውቀው ሰው ሰጠች። ሌላ ምን ልበላት?

ሰላም ከዲሲ፦ 45 ሺህ ለእናቴ የስንት ወር አስቤዛ እንደሆነ ታውቃለህ?

የቤይሩቷ፦ እኛ ወረቀት የሌለን ሰዎችስ? መታወቂያ ካላሳየሽ ሕጋዊው ቤት አይልክልሽም። ሬት አማርጬ አይደለም የሄድኩት። የአንድ ዓመት ደሞዜን ይዞ የጠፋው ደግሞ የሰፈሬ ልጅ ነው። ስግብግብ በሉኛ!

ቆፍጣናው፦ እህቴ፣ አንቺን አላልኩም።

የቤይሩቷ፦ «ስግብግብ ባይሆኑ አይበሉም ነበር» ብለሃል። እኔም ተበልቻለሁ።

ማሙሽ፦ ደረሰኝ ከላከ ችግር የለውም። እኔ ሁሌ ስክሪንሾት እቀበላለሁ።

የድሮ ሐዋላ፦ ማሙሽ፣ ስክሪንሾት በሁለት ደቂቃ ይሠራል። ቤተሰብህ ሂሳቡን ከፍቶ ብሩን ይይ። እኔ ይህን ሥራ ስለሠራሁት ልንገራችሁ። ዶላሩ ከውጭ አይወጣም። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ዶላሩን እዚያው ውጭ ይፈልገዋል፣ በምትኩ ለቤተሰባችሁ ብር ያስገባል። ነጋዴው ሲዘገይ ዶላሩን የተቀበላችሁ ወኪል የዛሬውን ላኪ ገንዘብ ለትናንቱ ይከፍላል። ጉድጓዱ እየሰፋ ሲሄድ አዲስ ላኪ ለመሳብ ሬቱን ይጨምራል። ስለዚህ ሬቱ ከሌሎቹ ሐዋላዎች ድንገት ሲበልጥ ያኔ ነው መፍራት። በዚያው ሰሞን «ዛሬ ሲስተም የለም፣ ነገ» ማለት ይጀምራል። አራት ጊዜ በሰዓቱ የገባው የእህትሽ ገንዘብ የሌላ ሰው ነበር ማለት ነው።

ሰላም ከዲሲ፦ በመጨረሻው ሳምንት 5 ብር ጨምሮላት ነበር። «ለቋሚ ደንበኛ ነው» ብሎ።

የድሮ ሐዋላ፦ ይኸው።

ማሙሽ፦ ሐምሌ 2016 ብሩ ሲንሳፈፍ ይሄ ሁሉ ያበቃል አልተባለም እንዴ?

ቆፍጣናው፦ ዜሉን ባንኳ ያስመልስላት።

የድሮ ሐዋላ፦ ራሷ አዝዛ የላከችውን ባንክ እንዲህ በቀላሉ አይመልስም። አሜሪካ ፈቃድ ባለው ቤት ብትልክ ኖሮ ግን ገንዘቡ ካልወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ትችል ነበር። ፈቃዱም NMLS Consumer Access የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይታያል።

ቆፍጣናው፦ አያችሁ? እኔስ ምን አልኩ?

የቤይሩቷ፦ አንተ ያልከው «ስግብግብ» ነው። እሳቸው ያሉት ሌላ ነው። ጋሼ፣ ለቤይሩቱስ ምን ይላሉ?

የድሮ ሐዋላ፦ ለወረቀቱ መላ የለኝም፣ ልጄ። ከላክሽም በትንሽ በትንሹ ላኪ። ያለፈው ብር እናትሽ ሂሳብ ሳይታይ ሌላ አትጨምሪ።

ቆፍጣናው፦ አሁን ደግሞ ጥቁር ገበያ ማስተማር ተጀመረ!

ሰላም ከዲሲ፦ ቃሉን አንሳ አልኩህ።