በሰዓት የሚከፈለው መምህር በወር ስንት ያገኛል? የዝግጅቱስ ሳምንት በማን ሂሳብ ነው?

ሳሚ፦ ማስተርሴን ጨርሼ አንድ የግል ኮሌጅ ፓርት ታይም እንዳስተምር ጠርቶኛል። ሁለት ኮርስ ነው፣ እያንዳንዱ ሦስት ክሬዲት፣ በሰዓት 300 ብር። በወር 7,200 ይሆናል ብዬ ቤት ልከራይ ነው። ልክ ነኝ? ሴሚስተሩ ሳይጀመር የምዘጋጅበት ሁለት ሳምንትስ አይከፈልም ወይ?

ናቲ፦ ስሌቱ ልክ ነው። በሳምንት ስድስት ሰዓት፣ በወር 24። ዝግጅት ግን አይከፈልም። የሰዓቱ ዋጋ ሲተመን ታስቦበታል። እኔ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ኤክስቴንሽን አስተምራለሁ። ለስላይድ የከፈለኝ ሰው የለም፣ ቅርም ብሎኝ አያውቅም።

ጋሽ በላይ፦ ናቲ፣ አንተን ቅር የማይልህ ወር በመጣ ቁጥር የሚገባ ደሞዝ ስላለህ ነው። ያንተ የሰዓት ክፍያ ድጎማ ነው። ልጁ ግን የቤት ኪራይ ሊከፍልበት ነው።

ሳሚ፣ ወሩን በራስህ ካላንደር ቁጠር። ሥራው የሚጀምረው ኮርስ አውትላይን አምጣ ያሉህ ቀን ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ትዘጋጃለህ፣ 16 ሳምንት ታስተምራለህ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ፈተና፣ እርማትና ግሬድ ማስገባት። አምስት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው። የሚከፈልህ ግን ለ96 ሰዓት ብቻ ነው፣ 28,800 ብር። በዓመት ሁለት ሴሚስተር ቢሰጡህ 57,600። ለ12 ብታካፍለው በወር 4,800 ይደርስሃል። አከራይህ ደግሞ ክረምትን አይዘልልህም።

ቲቸር ሜሪ፦ እኔም እኮ ይሄው ነው ችግሬ። ቤት ለቤት ነው የማስጠናው፣ በሰዓት ነው የሚከፍሉኝ። ሰኔ ላይ ልጆቹ ፈተና ሲጨርሱ «መስከረም እንገናኝ» ይሉኛል፣ አለቀ። የታክሲውስ? ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለመድረስ ሁለት ታክሲ ነው የምይዘው። ሳሚ፣ ትራንስፖርት ጠይቃቸው።

ናቲ፦ ሜሪ፣ እሱ የጠየቀው ስለ ኮሌጅ ነው። ያንቺ ሌላ ነው፣ ዋጋውን የምትቆርጪው አንቺ ነሽ።

ቲቸር ሜሪ፦ እኔ ቆርጬው ቢሆንማ ኖሮ! «እገሊት በዚህ ታስጠናለች» ይሉኝና ያልቃል።

ዳዊት፦ እኔ በአንድ የግል ኮሌጅ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ፣ ከጠረጴዛው ወዲህ ያለውንም ስሙ። ዝግጅት ለብቻው ይከፈል ብንል እንዴት እንለካዋለን? አንዱ ሦስት ቀን ተቀምጦ ይሠራል፣ ሌላው የጓደኛውን ስላይድ ስሙን ቀይሮ ያመጣል። የክፍል ሰዓት ግን አቴንዳንስ ላይ ይፈረማል፣ ይታያል። ደግሞ ያንኑ ኮርስ አምስት ዓመት ላስተማረ ሰው በየሴሚስተሩ የዝግጅት ልክፈል?

ጋሽ በላይ፦ ይኼኛው ነጥብ ልክ ነው። «ዝግጅቱ ሰዓቱ ውስጥ አለ» የሚባለው ኮርሱን ለደገመ ሰው እውነት ነው። ለአዲስ መምህር አይደለም።

እኔ የምገምተውን ላስላላችሁ። አንድ አዲስ ኮርስ፣ ክፍል ውስጥ 48 ሰዓት። ከመጀመሩ በፊት 40 ሰዓት ገደማ ለአውትላይኑና ለመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች። ከዚያ በየሳምንቱ አራት ሰዓት፣ እሱም 64። የሚድና የፋይናል ጥያቄ ማውጣት፣ የ50 ተማሪ ወረቀት ማረም፣ አሳይመንት፣ ሌላ 30። ድምሩ 182 ሰዓት ነው። 14,400 ብሩን ለዚያ ስታካፍለው ሰዓቱ ወደ 79 ብር ይወርዳል።

አሁን ያንኑ ኮርስ ለሌላ ሴክሽን ድገመው። ዝግጅቱ በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ እርማቱ ግን ያው ነው። ድምሩ 94 ሰዓት ይሆናል። ሁለቱ ሴክሽን ተደምሮ ሰዓቱ 104 ብር ገደማ ይወጣል። ሁለት የተለያየ አዲስ ኮርስ ከያዝክ ግን እዚያው 79 ላይ ነህ። ስለዚህ ሳሚ፣ ከ300ው በላይ የሚጎዳህ ኮርሶቹ መለያየታቸው ነው።

ሳሚ፦ ይሄንን ማንም አልነገረኝም። ክፍያውስ በየወሩ ነው?

ዳዊት፦ እኛ ጋ ግማሹ ከሚድ በኋላ ነው፣ ቀሪው ግሬድ ሬጅስትራር ሲገባ። አንዳንድ ቦታ ሁሉም መጨረሻ ላይ ነው።

ሂሩት፦ እዚህ ላይ ልግባ፣ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁሉም መጨረሻ ላይ ከሆነ የግብሩን ነገር አስቡበት። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፣ ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ሳሚ በየወሩ 7,200 ቢከፈለው ግብሩ 950 ነው፣ በአራት ወር 3,800። 28,800ው ግን በአንድ ወር ፔይሮል ከገባ 8,030 ይቆረጣል። ሥራው ያው፣ ብሩም ያው። 4,230 ብር ግን ክፍያው ተጠራቅሞ በመውጣቱ ብቻ ይሄዳል።

ናቲ፦ እኔ ጋ እንደዚያ አይቆርጡም። ዊዝሆልዲንግ ትንሽ ነገር ቀንሰው ይሰጡኛል።

ሂሩት፦ አንተን እንደ አገልግሎት ሰጪ ይዘውህ ይሆናላ። የአንተ ውል ምን እንደሚል አላየሁም። የሳሚ ግን የቅጥር ውል ከሆነ በደሞዝ ሠንጠረዡ ነው የሚሄደው። እኔ በበኩሌ ለአራት ወር የተሠራ ሥራ በአራት ወር ተከፋፍሎ መሰላት አለበት ባይ ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ብሩ በወጣበት ወር ነው ይላል። ሁልጊዜ እንጨቃጨቅበታለን። መፍትሔው ውሉ ላይ «በየወሩ ይከፈላል» ማስባል ነው፣ ያኔ ጭቅጭቁም አይነሳም።

ናቲ፦ ለማንኛውም ሰዓቱ ቢጨምር ይሻላል እንጂ የዝግጅት ክፍያ ምናምን ብሎ መግባት አያዋጣም። 400 በሉት።

ጋሽ በላይ፦ 400ም ቢሆን ያልተሰጠ ክፍለ ጊዜ ያው ዜሮ ነው። በዓል እሁድ ላይ ዋለ፣ መብራት ጠፋ፣ ተማሪ ቀረ፣ አልፈረምክም። ማካካሻ ትሰጣለህ፣ ለዚያም ሌላ ቅዳሜህ ይሄዳል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ተዘጋጅተህ ከጨረስክ በኋላ ተመዝጋቢ አነሰና ሁለቱ ሴክሽን ተቀላቀለ ሲሉህ ነው። 48 ሰዓትህ ጠፋ፣ የምታርመው ወረቀት ግን እጥፍ ሆነ።

ዳዊት፦ እውነቱን ነው፣ ይቀላቀላል። የአድ ኤንድ ድሮፕ ቀን እስኪያልፍ ስንት ሰው እንደሚመዘገብ እኛም አናውቅም። ለ12 ተማሪ ሁለት መምህር ልንከፍል አንችልም።

ሳሚ፦ ታዲያ የተዘጋጀሁበት በከንቱ ቀረ ማለት ነው?

ጋሽ በላይ፦ ውሉ ላይ አስገባው። ኮርሱ ከተሰረዘ ወይም ከተቀላቀለ የስድስት ሰዓት ክፍያ ይታሰብልኝ በል፣ 1,800 ብር ነው። ዳዊት፣ አቴንዳንስ አያስፈልገውም፣ ያስረከበው አውትላይን አለ፣ በዚያ ይለካል።

ዳዊት፦ እንዲህ ዓይነት ውል ፈርሜ አላውቅም። ዲኑ የሚሉትን ከአሁኑ መገመት እችላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እስካሁን የጠየቀኝም የለም።

ናቲ፦ ከጠየቀማ በማግስቱ ሌላ ይደውሉለታል። ማስተርስ ይዞ የተቀመጠው ስንት ነው!

ጋሽ በላይ፦ እንደ ኮርሱ ነው። ሳሚ፣ የሰጡህ ምን ምን ነው?

ሳሚ፦ ኢኮኖሜትሪክስና ኢንትሮዳክሽን ቱ ማኔጅመንት።

ጋሽ በላይ፦ ማኔጅመንቱን የሚያስተምር ሞልቷል፣ ተወው። ኢኮኖሜትሪክስን ግን ቀኑንም ማታውንም ሴክሽን ለኔ ስጡኝ በላቸው። ኪራዩን ደግሞ በ4,800 አስበህ ተፈራረም።