የአዳራሹ ኪራይና የቦርዳችን የጥቅም ግጭት፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፍ

ሰብለ፣ ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ። ቦርዱ አዲስ አዳራሽ ለመከራየት እየተነጋገረ መሆኑን ሰምታችኋል። ከቀረቡት ቤቶች አንዱ በምክትል ሰብሳቢያችን ባለቤት ስም የተመዘገበ ነው። ዋጋው በወር 4,200 ዶላር፣ ውሉ ለ2 ዓመት። ቤቱን ያቀረበው ምክትሉ ራሱ ነው። የማን እንደሆነ የነገረን ግን ከስብሰባው በኋላ፣ ቡና ይዘን ቆመን ስናወራ ነው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ነገር አንድም መስመር የለበትም። ይሄ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ውሉ ገና አልተፈረመም። መተዳደሪያ ደንባችን ስለ ቦርድ አባላት የታማኝነት ግዴታ የሚለው ነገር የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ረቂቅ እናዘጋጅ እላለሁ።

ጋሽ ታደሰ

ልጄ ሰብለ፣ ደነገጥኩ። ይህ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ በነጻ አገልግሎናል። በክረምት በረዶ እየጠረገ በር የሚከፍት እሱ ነው። ስሙ ከገንዘብ ጋር ተነስቶ አያውቅም። ዛሬ ታማኝነቱ ይጠየቅ?

ሄለን

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ቃሉ ያሳስታል። እኛ ታማኝ ስንል የማይሰርቅ ማለታችን ነው። እዚህ አሜሪካ ሕጉ ቦርድን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ስትወስን ለማን ብለህ ነው የወሰንከው? አከራይ ኪራይ ከፍ ቢል ይወዳል፣ ተከራይ ዝቅ ቢል። ምክትላችን በሁለቱም ወገን ተቀምጧል። ቅዱስ ቢሆንም ሁለት ቦታ ነው የተቀመጠው።

እዚሁ ዲሲ ያለውን ሲብሊ ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ። በ1974 ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ነበረው። የሆስፒታሉ ገንዘብ፣ አንዳንድ የቦርድ አባላት ራሳቸው ኃላፊ በሆኑባቸው ባንኮች ተቀምጦ ነበር፤ ከፊሉ ወለድ በማይከፍል ሒሳብ። ዳኛው ሰዎቹ አሲረዋል አላለም። ግዴታቸውን ጥሰዋል ግን አለ። የፋይናንስና የኢንቨስትመንት ኮሚቴዎቹ በደንቡ ላይ ነበሩ፤ ከ10 ዓመት በላይ ግን አልተሰበሰቡም። ሌባ ሳይኖር ማኅበር እንዲህ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አባል ከባንኮቹ ጋር ያለውን ግንኙነት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ታዘዘ።

ዳዊት፣ ገንዘብ ያዥ

ይሄን ያህል መወሳሰብ ያለበት አይመስለኝም። ምክትሉ ድምፅ አይስጥ፣ አለቀ። እኛ ስድስት ሰዎች አለን፣ እንወስናለን።

ሄለን

ዳዊት፣ ግማሹን ይዘኸዋል። ድምፅ አለመስጠት ብቻውን አይበቃም። እሱ እዚያው ተቀምጦ እያየህ፣ ፊት ለፊቱ «ቤትህ ውድ ነው» ትለዋለህ? እኔ አልልም። ይሉኝታችንን እናውቃለን። የግብር መሥሪያ ቤቱ የአይአርኤስ ደንብም የሚለው ይሄንኑ ነው፦ ጥያቄ ካላችሁ ጠርታችሁ ትጠይቁታላችሁ፤ መልሶ ይወጣል። ክርክሩም ድምፁም እሱ በሌለበት ነው።

ሌላው ዋጋው ነው። ሦስት ተመሳሳይ አዳራሾች ላይ ደውዬ ዋጋ አስጽፌያለሁ፦ 3,400፣ 3,600 እና 3,700። ስፋታቸው ይቀራረባል፣ ሁሉም መኪና ማቆሚያ አላቸው። ትክክለኛው ዋጋ 3,600 ነው ብንል፣ በ4,200 ስንከራይ በወር 600 ትርፍ እንከፍላለን። በ24 ወር 14,400 ይሆናል። እኛ ከግብር ነጻ የሆንን የበጎ አድራጎት ማኅበር ነን። ስለዚህ ያ ትርፍ የደረሰው የቦርድ ሰው ወይም ቤተሰቡ 25 በመቶ ቅጣት ግብር ይከፍላል፣ 3,600 ዶላር። ትርፉንም ከነወለዱ ለማኅበሩ ይመልሳል። በጊዜው ካላስተካከለ 200 በመቶ ይጨመራል፤ 28,800 ማለት ነው። እያወቅን እጃችንን ያወጣን ደግሞ በአንድ ላይ 10 በመቶ፣ 1,440 እንከፍላለን። ከማኅበሩ ካዝና አይደለም፣ ከኪሳችን።

ዳዊት

ይሄን አላውቅም ነበር። ታዲያ የእሱን ቤት ጨርሶ እንተወው?

ሄለን

መተው ግዴታ አይደለም። ቤቱ ለባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው፣ እናቶች ይመቻቸዋል። በ3,600 ከሰጠን ደግሞ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር እንዴት እንደወሰንን በወረቀት መስፈሩ ነው፦ ማን ነበረ፣ ማን ወጣ፣ የትኞቹን ዋጋዎች አየን፣ ለምን ይሄን መረጥን። ቃለ ጉባኤው ቀጣዩ ስብሰባ ሳይደርስ ወይም በ60 ቀን ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ከሁለቱ የሚዘገየው ነው የሚያዘው። ይሄን ሁሉ ካደረግን ዋጋው ትክክል ነው ተብሎ ይገመታል። አይደለም የሚል ካለ ማስረጃውን የሚያመጣው አይአርኤስ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ከትዝታ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ ግን አያድነንም።

ወይንሸት

እኔ ድሮ በሌላ ከተማ በነበርኩበት ማኅበር፣ የበዓል ምግብ ሁልጊዜ የሚመጣው ከሰብሳቢዋ እህት ነበር። ምግቡ ይጣፍጣል፣ ማንም አልጠየቀም። በሦስተኛው ዓመት ፕሮፎርማ ከሌላ ቦታ ስናመጣ ለአንድ ሰው 7 ዶላር ልዩነት አገኘን። ከዚያ መኳረፍ ሆነ፣ ግማሹ ሰው ሄደ። ቀድሞ ተነግሮ ቢሆን ማንም አይቀየምም ነበር።

አሁን ግን የራሴን ልጠይቅ። ቅዳሜ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፣ በሰዓት ይከፈለኛል። ዘንድሮ ቦርድ ገብቻለሁ። እኔም ላሳውቅ?

ሄለን

አዎ ወይንዬ፣ አሳውቂ። ማስተማርሽን አትተዪ። ክፍያሽ ሲነሳ ግን ትወጫለሽ። ሌሎች ማኅበራት ለአስተማሪ ስንት እንደሚከፍሉ ሦስት ቦታ እንጠይቃለን።

ጋሽ ታደሰ

አሁን ገባኝ። ይቅርታ ሰብለ፣ ቸኩዬ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ ቤተሰብ የሚባለው እስከ የት ነው? የሚስቴ ወንድም ቢሆንስ?

ሄለን

ሕጉ የሚቆጥረው ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅና አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ፣ እህትና ወንድም ከነትዳር ጓደኞቻቸው ነው። ከ35 በመቶ በላይ የእነሱ የሆነ ድርጅትም ይገባል። የሚስትዎ ወንድም በዚህ ዝርዝር የለም። በእኛ ደንብ ግን ማስገባት አለብን ባይ ነኝ። በእኛ ዘንድ አማች ከወንድም በምን ያንሳል?

መላኩ

አበልጅስ? የክርስትና ልጅስ? እዚህ ከተማ የማይዛመድ ሐበሻ የለም። ያን ያህል ካሰፋነው ከስብሰባ ሁሉም ወጥቶ ወንበር ብቻ ነው የሚቀረው። እኔ ማሳወቁ ለሁሉም ይሁን፣ መውጣቱ ግን ገንዘብ ላለበት ብቻ እላለሁ።

ሄለን

የመላኩ ክፍፍል ደስ ብሎኛል። ግን አበልጅ ላይ አሁንም አልተረጋጋሁም።

ሰብለ፣ ጸሐፊ

እስካሁን የተስማማንበትን እንደ ረቂቅ ጽፌዋለሁ፦

«የቦርድ አባል ራሱ፣ ቤተሰቡ፣ አማቹ ወይም ድርሻ ያለው ድርጅት ከማኅበሩ ጋር ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ሲኖረው፣ አጀንዳው ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። ጥያቄ መልሶ ከክፍሉ ይወጣል። ቀሪዎቹ ቢያንስ ሦስት ተመሳሳይ ዋጋዎችን አይተው ይወስናሉ። የወጣው ሰው ስምና የወጣበት ሰዓት በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። እያንዳንዱ አባል በየዓመቱ ጥር ላይ የማሳወቂያ ቅጽ ይፈርማል።»

«ሦስት ዋጋ» የሚለው የእኛው ምርጫ ነው፤ ሄለን ለትንሽ ማኅበር ይበቃል ብላለች። ሁለት ነገር ክፍት ነው። አንደኛው አበልጅ። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ሲወጣ ምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል ወይ የሚለው ነው። ሰባት ሆነን ሁለት ሰው ቢወጣ ምን እናደርጋለን? ይሄን ጠበቃ ሳናማክር አልጽፈውም።

ምክትላችንን ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ በፊት ሰው ሊያናግረው ይገባል። ከሌላ አፍ እንዲሰማው አልፈልግም።

ጋሽ ታደሰ

እሱን ለእኔ ተዉት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አገኘዋለሁ። የሄለንን ሦስት ዋጋዎች በወረቀት ስጡኝ፣ ይዤለት ልሂድ።