የሶፋ ፎቶ ሳሎኔ ፎቶ ውስጥ በልኩ የሚያስገባልኝ ጠቁሙኝ

ጠያቂ፣ ከጀሞ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ኮንዶሚኒየም ገብተን ለሳሎን ሶፋ ላሠራ ነው። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚመስል ማየት ፈለግኩና የሳሎኑን ፎቶ እና ሻጩ የላከልኝን የሶፋ ፎቶ ይዤ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ልጁ ቆርጦ ለጠፈልኝ። ግን ሳየው ደስ አላለኝም። ሶፋው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ ደግሞ ግዙፍ ነው። ትክክለኛ ልኩ ርዝመቱ 2.20፣ ጎኑ 90 ሴንቲ፣ የመደገፊያው ከፍታም 90 ሴንቲ ነው። ወለላችን 40 በ40 ሴራሚክ ነው። በደንብ የሚሠራ ሰው ወይም ራሴ የምሠራበት ፕሮግራም ካለ ጠቁሙኝ።

ከሳሪስ
ፎቶሾፕ ካለሽ Filter ውስጥ Vanishing Point የሚል አለ። ወለሉ ላይ አራት ነጥብ ትነኪያለሽ። ፍርግርጉ ሰማያዊ ከሆነ ልክ ነው፣ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ነጥቦቹን አስተካክዪ። ከዛ የሶፋውን ፎቶ እላዩ ላይ ፔስት ማድረግ ነው። ዋናው ነገር ሁሉም መስመር የወለሉ መስመሮች ርቀው ወደሚገናኙባቸው ሁለት ነጥቦች፣ ማለትም ወደ ቫኒሺንግ ፖይንቶቹ፣ መሄዱ ነው። ለዚህ ሰው መክፈል አያስፈልግም።

ከአያት (3ዲ እሠራለሁ)
ሳሪስ፣ መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ግን ለጠፍጣፋ ነገር ነው። ምንጣፍ፣ ስዕል፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቲቪ ከሆነ ከእሱ የሚሻል የለም። ሶፋ ግን ጥልቀት አለው። ፊት ለፊት የተነሳ የሶፋ ፎቶ ወለሉ ላይ ከለጠፍሽ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ነው የሚታየው።

ሁለቱ ነጥቦች ያልከውም ከግድግዳው ጋር ትይዩ ለሚቀመጥ ዕቃ ብቻ ነው። ሶፋውን ሰያፍ ካዞርሽው የራሱ ሁለት ነጥቦች ይኖሩታል። የማይቀየረው ነጥቦቹ የሚያርፉበት አግድም መስመር ነው። ያ መስመር ፎቶውን ስታነሺ ስልክሽ የነበረበት ከፍታ ነው።

ማተሚያ ቤቱ የሠራልሽን በማስመሪያ መፈተሽ ትችያለሽ። የሴራሚኩን መጋጠሚያ መስመሮች ወደ ውስጥ አስረዝሚያቸው። አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ላይ ከዳር እስከ ዳር አግድም መስመር አስምሪ። ስልኩን 1.50 ላይ ይዘሽ ከነበር፣ ያ መስመር ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ ከወለሉ 1.50 ላይ ይቆርጠዋል። ሶፋሽ 90 ሴንቲ ስለሆነ ከኋላ እግሩ እስከ መስመሩ ካለው ርቀት 60 በመቶው ላይ ማለቅ አለበት። ወረቀቱ ላይ 10 ሴንቲ ከሆነ መደገፊያው 6 ላይ ያልቃል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ስልኩን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ከሆነ ነው። የበሩ ሁለት ቋሚዎች ፎቶው ላይ ትይዩ ከሆኑ ቀጥ ብሏል።

ጠያቂ፣ ከጀሞ
በሩ ቀጥ ነው። ስልኩንም ደረቴ ላይ አድርጌ ስለነበር 1.50 ሳይሆን 1.30 ገደማ ነው። አሁን አስምሬ አየሁት። የመደገፊያው ጫፍ መስመሩን አልፎታል! ስለዚህ ከ1.30 በላይ የሆነ ሶፋ ነው የለጠፈልኝ።

ከአያት
አዎ። በ1.30 ከሆነ 10 ሴንቲው ላይ 7 ገደማ ነበር ማለቅ የነበረበት። ግዙፍ የመሰለሽ ለዚህ ነው። የተንሳፈፈ የመሰለሽ ደግሞ ሻጩ ሶፋውን ያነሳው ከሌላ ከፍታ ስለሆነ ነው። እግሮቹ የሚያርፉበት ወለልና ያንቺ ወለል ተዳፋታቸው አይገጥምም። ከእግሩ ሥር ጥላ አለመኖሩም ያባብሰዋል። ግን ጥላ ብቻውን አያድነውም።

ከጎፋ
ልጄ፣ ፎቶው ይቅርብሽ። በበሩና በደረጃው መግባቱን ነው መለካት። እኛ ቁምሳጥን ገዝተን ደረጃው ላይ አልዞር ብሎ በገመድ ነው በበረንዳ የወጣው። እኔ አሁን ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ጋዜጣ በልኩ አነጥፍና ሁለት ቀን በዙሪያው እመላለሳለሁ። አለቀ።

ከአያት
እትዬ፣ ጥያቄዋ ሌላ ቢሆንም ጋዜጣው በጣም ይጠቅማታል። ጠያቂ፣ 2.20 በ90 ጋዜጣ አንጥፊና ፎቶውን እንደገና አንሺ። አሁን የሶፋው መሠረት በትክክለኛው ፐርስፔክቲቭ ፎቶው ውስጥ ገባ ማለት ነው። የሚቀርሽ ከፍታው ብቻ ነው፣ እሱንም በመስመሩ ታገኚዋለሽ።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ርካሹ ሱቁ ድረስ ሄዶ ሶፋውን ራስሽ ማንሳት ነው። ቤት ውስጥ ከጋዜጣው 3 ሜትር ርቀሽ ከነበር እዚያም 3 ሜትር ራቂ። ስልኩን 1.30 ላይ ያዢ፣ በዚያው ማዕዘን፣ 1x ላይ አድርገሽ። በ0.5x እንዳታነሺ፣ ዳር ላይ ያለውን ይለጥጠዋል። ቦታው ጠቦ ቀርበሽ ብታነሺ ፎቶውን በማሳነስ አይስተካከልም፤ የቅርቡና የሩቁ ጫፍ ልዩነት እንዳለ ይቀራል። ካነሳሽ በኋላ ግን የትኛውም ቆርጦ መለጠፊያ ይበቃል።

ሁለተኛው fSpy የሚባል ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ብሌንደር ከሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ጋር ይሠራል። የሴራሚኩን መስመሮች ወደ አንዱ አቅጣጫ ሁለት፣ ወደ ሌላው ሁለት ትመርጪያለሽ። Reference distance ላይ አምስት ሴራሚክ ቆጥረሽ 2 ሜትር ትሰጪዋለሽ። ካሜራው የት እንደነበር እሱ ያወጣዋል። ብሌንደር ውስጥ መጀመሪያ ሶፋ ሳይሆን ባዶ ሳጥን በልኩ ሥሪ። ሳጥኑ ጋዜጣው ላይ ልክ ካረፈ ቀሪው ቀላል ነው። ካላረፈ መስመሮቹን በጣም ተቀራራቢ አድርገሽ መርጠሻል፤ አራርቂያቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የኔ ቤት ነው። ደብረ ብርሃን የቤተሰብ ቦታ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ልንሠራ ወንድሜ የግቢውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አንድ ባለሙያ በስኬችአፕ Match Photo ቤቱን አስገባልኝ፤ ግን ከጎረቤቱ ግንብ ጋር ሲታይ ያዘነበለ ይመስላል። ሌላ ባለሙያ ልፈልግ?

ከአያት
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፎቶውን ጠይቅ። ወንድምህ ወይም አንተ ከርክማችሁታል? እነዚህ ፕሮግራሞች የሌንሱ መሃል የፎቶው መሃል ነው ብለው ነው የሚነሱት። አንድ ጎን ከተከረከመ መሃሉ ይዛወራል። ቴሌግራምም እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ የሌንሱንም መረጃ ያጠፋዋል። እንደ ፋይል ይላክልህ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
አልከረከምኩም። ወንድሜ ግን ስልኩን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ነው ያነሳው፣ ግንቡ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነበር። እኔ በስልኬ አቃናሁትና ለባለሙያው ሰጠሁት።

ከሳሪስ
ማቃናቱማ ጥሩ ነው። ቋሚ መስመሮች ቀጥ ካሉ ሥራው ይቀላል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ከአያት
ለዓይን ያምራል፣ እውነት ነው። ግን ሲቃና መሃሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ አያውቅም። ያልተቃናውን ስጠው። fSpy ላይ የሌንሱን መሃል፣ Principal point የሚለውን፣ ከሦስተኛው፣ ማለትም ቋሚ መስመሮች ከሚገናኙበት ቫኒሺንግ ፖይንት እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የግንቡ ቋሚዎች ጥርት ብለው መታየት አለባቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
የጭቃ ግንብ ነው፣ ራሱም ቀጥ አይደለም።

ከአያት
እንግዲያው እሱን አትመነው። ወንድምህ 3 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ብረት ወይም ጣውላ ግቢው መሃል ላይ በቱምቢ አቁሞ ስልኩን ወደ ላይ ሳያቀና ያንሳልህ፤ ቤቱን ከግንቡ ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር አስተያየው።

ጠያቂ፣ ከጀሞ
ጋዜጣውን አንጥፌ አነሳሁ። ሱቁ ሄጄም ሶፋውን ከ3 ሜትር አነሳሁና ስልኬ ላይ ለጠፍኩት። መሠረቱ ጋዜጣው ላይ ቁጭ አለ፣ ከፍታውም 7 ላይ ነው። ግን የበረንዳውን በር 30 ሴንቲ ያህል ይሸፍነዋል። አናጺውን 1.90 አድርግልኝ አልኩት፤ ሦስት ሰው አያስቀምጥም እያለኝ ነው። 1.90 ላይ ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ሶፋ ያለው ካለ ፎቶ ላኩልኝ፣ ስልኩን 1.30 ላይ ይዛችሁ።