የጠባቡ ቧንቧ ጥያቄ፦ ለክረምቱ ሥልጠና የጋራ ሐሳብ እናዘጋጅ

አስተባባሪዋ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለፊዚክስ መምህራን የክረምት ሥልጠና ከምናቀርበው ዕቅድ ውስጥ ስለ ፈሳሽ የሚናገረው ክፍል ገና አልተጻፈም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስና አንድ ሠርቶ ማሳያ ይበቃዋል ባይ ነኝ። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «አግድም በተዘረጋ ቧንቧ ውስጥ ውሃ ከሰፊው ክፍል ወደ ጠባቡ ሲገባ ይፈጥናል። ግፊቱ የሚበልጠው በየትኛው ክፍል ነው?» ተማሪ ሁሉ «በጠባቡ፣ ውሃው ስለሚጨናነቅ» ብሎ እንደሚመልስ ታውቃላችሁ። መልሱን አብረን እንጻፍ።

የጎንደሩ መምህር፦ ይህ ምን ውይይት ያስፈልገዋል? የበርኑሊ ሕግ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ግፊት ይቀንሳል። እኔ ይህችኑ ዐረፍተ ነገር አስጽፋቸዋለሁ፣ በፈተናም ይመልሱታል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ወንድሜ፣ ዐረፍተ ነገርዎ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰው። ፓምፑን ብናበረታው በሰፊው ክፍል የውሃው ፍጥነትም ግፊቱም አብረው ይጨምራሉ። ያ ተማሪ ያን ጊዜ ምን ይበል? ሕጉ የሚያነጻጽረው በአንድ ፍሰት ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ያሉ ሁለት ቦታዎችን ነው እንጂ የትናንቱን ፍሰት ከዛሬው ጋር አይደለም።

ደግሞም ምክንያቱ አልተነገረም። ከሰፊው ወደ ጠባቡ የምትሻገረውን አንዲት የውሃ ቁራጭ ይመልከቱ። እየፈጠነች ነው፤ ስለዚህ ወደፊት የሚገፋት ኃይል አለ። ቧንቧው አግድም ስለሆነ የመሬት ስበት አያግዛትም። የቀሩት ከኋላዋ ያለው ውሃና ከፊቷ ያለው ውሃ ብቻ ናቸው። የኋላው ካልበለጠ በስተቀር ልትፈጥን አትችልም። በጠባቡ ውስጥ ግፊቱ ቢበልጥ ኖሮ ወደዚያ የምትገባው ውሃ መዘግየት ነበረባት! ይህን ተማሪው ከኒውተን ሁለተኛ ሕግ በራሱ ሊደርስበት ይችላል፤ የበርኑሊ ስም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

«መጨናነቅ» የሚለውም ባዶ ነው። ውሃ በእንዲህ ያለ ግፊት አይታመቅም። በሰፊው በኩል በሰከንድ የገባው ሊትር በጠባቡም በሰከንድ ማለፍ ስላለበት ነው የሚፈጥነው።

የሐዋሳዋ መምህርት፦ ጋሼ፣ እስማማለሁ፤ ግን ተማሪዎቼ ይህን ሁሉ ሰምተው ወደ ግቢው ጎማ ይሄዳሉ። አፉን በጣታቸው ይጨፍኑታል፤ ውሃው ርቆ ይወነጨፋል። «ይኸው ጠበበ፣ ፈጠነ፣ ግፊቱም ጨመረ» ይሉኛል። ይህን ሳንነካ የምንጽፈው መልስ አያሳምናቸውም።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ መነካትማ አለበት። ጣትሽ ሲጨፍን ግፊቱ የሚጨምረው ከጣትሽ በስተኋላ፣ በጎማው ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ውሃው ከበፊቱ ዘግይቷል። በረጅሙ መስመር በሰበቃ ይባክን የነበረው ግፊት ፍሰቱ ሲቀንስ ስለማይባክን እስከ ጣትሽ ይደርሳል። ባልዲ ይዘሽ ብትለኪው ጎማው ተጨፍኖ ባልዲው ለመሙላት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ከአፉ የወጣው ውሃ ግን በአየር የተከበበ ስለሆነ ግፊቱ ከአየሩ ጋር እኩል ነው። እጅ ላይ ሲያርፍ የሚያሳምመው ፈጣን ውሃ በድንገት ስለሚቆም ነው። ተማሪዎቹ የሚያደባልቁት የሚወረወረውን ውሃ ምት ከቧንቧው ውስጥ ግፊት ጋር ነው።

የአዳማው አባል፦ ይቅርታ፣ ጉዳዩ እኔንም ይመለከታል። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሃው በጭንቅ ይወጣል። አንድ ሠራተኛ «ቧንቧውን በቀጭን ብንቀይረው ግፊቱ ይጨምራል» ብሎኛል። በዚህ ውይይት መሠረት ላስቀይረው ወይስ ይቅር?

የላብራቶሪ ቴክኒሺያኗ፦ ይቅርብዎ። የእርስዎ ቧንቧ ወደ ላይ የሚወጣ እንጂ አግድም አይደለም። ውሃው አንድ ሜትር በወጣ ቁጥር ወደ 10 ሺህ ፓስካል ያህል ግፊት ይከፍላል፤ ይህን ቀጭን ቧንቧ አይመልስልዎትም። ቀጭኑ ሰበቃ ይጨምርብዎታል። ቧንቧው ተዘግቶ ውሃው ሲቆም ደግሞ ወፍራምም ይሁን ቀጭን የግፊት መለኪያው ያው ነው የሚያሳየው።

ወደ ሠርቶ ማሳያው ልመለስ። 20 ሚሊ ሜትር ውስጣዊ ስፋት ያለው ግልጽ ቱቦ መሐል ላይ ወደ 10 ይጠብ፤ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ቀጥ ብላ የቆመች ቀጭን ቱቦ ትሰካ። ዲያሜትሩ በግማሽ ስለቀነሰ የመተላለፊያው ስፋት ሩብ ይሆናል፤ ፍጥነቱም አራት እጥፍ። በሰፊው 0.5 ሜትር በሰከንድ ከሆነ በጠባቡ 2 ነው።

```
p₁ − p₂ = ½ρ(v₂² − v₁²)
        = ½ × 1000 × (4 − 0.25) = 1875 Pa
```

ይህ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል የውሃ ከፍታ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪም ያየዋል። ፍሰቱ በሰከንድ 0.16 ሊትር ገደማ ስለሆነ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ደቂቃ ያስኬዳል። ጀሪካኑ እየጎደለ ሲሄድ ፍሰቱም ልዩነቱም ስለሚቀንስ አንድ ተማሪ ከላይ እየጨመረ ደረጃውን ይጠብቅ።

ሠርቶ ማሳያውን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። ቧንቧው ከጠባቡ ብዙም ሳይርቅ ወደ አየር ከተከፈተ በጠባቡ ውስጥ ያለው ግፊት ከአየሩ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ በቆመችው ቱቦ ውሃ አይታይም፤ ይልቁንም አየር ወደ ታች እየሳበች በፍሰቱ ውስጥ አረፋ ትለቃለች። መጨረሻው ላይ መዝጊያ ቫልቭ ተደርጎ በጥቂቱ ይዘጋ፤ ፍሰቱ እንዳይቀንስ ጀሪካኑ ከፍ ይበል፤ የሁለቱም ቱቦዎች ውሃ ብቅ ይላል።

የጎንደሩ መምህር፦ አረፋውን እንተወው? እኔ ብሆን መጀመሪያ እርሱን ነበር የማሳየው። ውሃ ሞልቶ ይፈሳል ብሎ የጠበቀ ተማሪ አየር ሲሳብ ቢያይ ይደነግጣል።

የላብራቶሪ ቴክኒሺያኗ፦ እውነትዎን ነው፤ ቫልቩን ክፍት አድርገን ጀምረን በኋላ እናጥብበው።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ከጠባቡ በኋላ፣ እንደገና በሰፋው ክፍል ላይ ሦስተኛ ቱቦ ይጨመር። ግፊቱ ሲመለስ ካላዩ «ውሃው እየሄደ ስለደከመ ነው የወረደው» ይላሉ።

የላብራቶሪ ቴክኒሺያኗ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ እሰጋለሁ። ከገበያ የምናገኘው መገጣጠሚያ በድንገት የሚሰፋ ነው። በድንገት ሲሰፋ ፈጣኑ ውሃ ከዘገምተኛው ጋር ተጋጭቶ ይታወካል፤ ከ19 ሴንቲ ሜትሩ የሚመለሰው 8 ቢሆን ነው። የጠባቡን ርዝመት ሰበቃ ከጨመርን ከዚያም ያንሳል። ተማሪው ሦስተኛዋ ቱቦ ዝቅ ብላ ሲያይ «ሕጉ አልሠራም» ይላል። ቀስ ብሎ የሚሰፋ ሾጣጣ ካልተሠራ ሁለት ቱቦ ይበቃናል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ዝቅ ብላ ትታይ! ግን ከመሐለኛዋ ከፍ ማለቷ «ደከመ» የሚለውን ያፈርሳል። የጎደለውን መምህሩ ያስረዳ፤ ሰበቃ የሌለበት ቧንቧ የት አለ?

የሐዋሳዋ መምህርት፦ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሁለቱንም ማስረዳት አልችልም። እኔ ከሁለቱ ቱቦዎች ጋር ነኝ።

አስተባባሪዋ፦ የመልሱን ረቂቅ ይኸውና፦ «ግፊቱ የሚበልጠው በሰፊው ክፍል ነው። ወደ ጠባቡ የሚገባው ውሃ እየፈጠነ ስለሆነ ከኋላው ያለው ግፊት ከፊቱ ካለው መብለጥ አለበት። ይህ የሚሠራው በአንድ የማይለዋወጥ ፍሰት ውስጥ ሁለት ቦታዎችን ስናነጻጽርና ሰበቃው ትንሽ ሲሆን ነው።» የጎማው ጉዳይ ከሥሩ ይጨመራል። የሦስተኛዋን ቱቦ ነገር ሾጣጣውን የሚሠራ ሰው ካገኘን በኋላ እንወስን።

የጎንደሩ መምህር፦ ረቂቁን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር ይመለስልኝ፦ በፈተና ላይ «ፍጥነት ሲጨምር ግፊት ይቀንሳል» ብሎ ብቻ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኛል ወይስ አያገኝም?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ከእኔ አያገኝም።

የሐዋሳዋ መምህርት፦ ከእኔ ግማሹን ያገኛል።