«አንድ ጊዜ ተከፍላ የምትረሳ» ክፍያ ወለድ ናት ወይስ አይደለችም?

ቤቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ትናንት ማታ በአንድ የሀበሻ ላይቭ ላይ ስለ ግል ብድር የሚያስረዳ ሰው እንዲህ አለ፦ «ወለዱ 12 በመቶ ብቻ ነው። መጀመሪያ የምትቆረጠው 6 በመቶ አንድ ጊዜ ተከፍላ የምትረሳ ናት። ኤፒአር የሚሉት፣ ወለዱንና ክፍያዋን አንድ ላይ በዓመት አስልቶ የሚያሳየው ቁጥር፣ ሰው ለማስፈራራት ነው።» በጣም ነው የተናደድኩት። እዚያ ላይቭ ላይ የነበረው አብዛኛው ሰው ገንዘብ የጨነቀው ነው። ይህን ሰምቶ ነገ ሄዶ ይፈርማል። ዝም ሊባል ይገባል?

ያሬድ፦ ሰውየውን አውቀዋለሁ። ባንክ በሩን የዘጋባቸውን ስንት ሰዎች ረድቷል። ደግሞ ምን ዋሸ? ውሉ ላይ የተጻፈው ሬት 12 ነው። የወር ክፍያውም የሚሰላው በ12 ነው። ፊው የማስኬጃ ነው፣ ወለድ አይደለም። ሰው ሳይጠይቁ ስም ማጥፋት ጥሩ አይደለም።

ቤቲ፦ ስም አልጠራሁም። ግን 10,000 ዶላር ተበደርሽ ብለው አካውንቴ ውስጥ 9,400 ነው የሚያስገቡት። 600ዋን አላየኋትም። ወለዱን ግን በሙሉ 10,000 ላይ እከፍላለሁ። የማስኬጃ በላት ሌላ፣ ከኪሴ እስከወጣች ድረስ ለእኔ ያው ናት።

ኪሩ፦ ሁለታችሁም አታካብዱ። ብድሩ የ3 ዓመት ነው አይደል? 6 ሲካፈል ለ3፣ በዓመት 2 ነው። 12 ሲደመር 2፣ 14 በመቶ። ይኸው ነው ትክክለኛው ወለድ። ከ12 ብዙም አይርቅም።

ያሬድ፦ እግዜር ይስጥህ ኪሩ። ለ14 በመቶ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ጩኸት።

ጋሽ ታዬ፦ ልጆች፣ ኪሩ መንገዱን ጀምሮ መሃል ላይ ነው የተወው። 14 የሚሆነው 10,000ውን ሦስት ዓመት ሙሉ ይዘህ፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ የምትመልስ ቢሆን ነበር። እንዲህ ያለ ብድር ግን በየወሩ ነው የሚከፈለው። በ12 በመቶ ለ36 ወር ሲሰላ በወር 332.14 ዶላር ይመጣል። አንድ ዓመት ተኩል ስትከፍል የቀረብህ ዕዳ ወደ 5,450 ዶላር ወርዷል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማካይ እጅህ ላይ የሚቆየው የሰው ገንዘብ 5,400 ገደማ ነው። አሁን 600ዋን ለሦስት ዓመት አካፍላት፣ በዓመት 200 ናት። 200 ለ10,000 ሁለት በመቶ ነው። ለ5,400 ግን ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። በዚያ ላይ ፊው የሚወሰደው በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ያልደረሰህ 600 ላይም ወለድ ይታሰባል። ስለዚህ ከ4ም ትንሽ ያልፋል። ኤክሴል ያለው ሰው ይሄን ይጻፍ፦

```
=RATE(36,-332.14,9400)*12
```

16.36 በመቶ ይሰጣችኋል። ኤፒአር ማለት ያ ቁጥር ነው። ለማስፈራራት ማንም አልፈጠረውም። እጅህ የገባውንና ከእጅህ የሚወጣውን ብቻ ነው የሚያየው።

ኪሩ፦ ጋሼ፣ እኔ እኮ ፊውን ለዓመታቱ ማካፈል ነው ያልኩት፣ እርስዎም አካፍለዋል።

ጋሽ ታዬ፦ ማካፈልህ ልክ ነው ልጄ። ያካፈልክበት ገንዘብ ነው የተሳሳተው።

ያሬድ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ደንበኛው በወር የሚከፍለው ያችኑ 332 ናት። 16 ይባል 12፣ ክፍያው አይለወጥም። ታዲያ ቁጥሩን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል?

ጋሽ ታዬ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚጠቅመው ሁለት ብድር ሲያወዳድር ነው። ሌላ አበዳሪ «15 በመቶ፣ ፊ የለም» ቢለው ሰውየው በ12ቱ ተማርኮ ይሄኛውን ይተወዋል። ግን የሚፈልገው እጁ ላይ 9,400 ነው እንበል። በ15 በመቶ፣ ያለ ፊ፣ ለ36 ወር በወር 325.85 ይከፍላል። «12» ከተባለው በወር ስድስት ዶላር ያንሳል። በሦስት ዓመት ከ220 ዶላር በላይ ነው። ወለዱ ከፍ ያለው ብድር ረከሰ ማለት ነው። ኤፒአሩን ቢያይ ግን 15 እና 16.36 ተጽፎ ያገኛል፣ አይሳሳትም።

ያሬድ፦ ክሬዲቱ ለተበላሸ ሰው 15 በመቶ ያለ ፊ ማን ይሰጠዋል? እውነቱን እንነጋገር። ፊ የሚመጣው እኮ አበዳሪው ስለሚፈራ ነው።

ቤቲ፦ ያ ሌላ ክርክር ነው። ውድ ብድር አይኑር አላልኩም። ውዱን ውድ ነው ብሎ መናገር ምን ያስፈራል? አንተ «12 ነው» የምትለው ለምንድነው፣ 16ን ስትጠራ ሰው ስለሚሸሽ አይደለም?

ሳሚ (ኡበር)፦ ስለዚህ «የምትረሳ» ስለምትባለው እኔ ልናገር። ልክ እንደዚህ ዓይነት ብድር ነበረኝ፣ 10 ሺህ፣ 6 በመቶ ተቆርጦ። ጠንክሬ ሠርቼ በዓመቴ ዘጋሁት። ሦስት ዓመቱን ስላልተጠቀምኩበት ከፊው የተወሰነ ይመለሳል ብዬ ደወልኩ። አንድ ሳንቲም አይመለስም አሉኝ። እንዴት ልርሳት?

ያሬድ፦ ወንድሜ፣ ቀድመህ በመክፈልህ ግን ወለድ ቀርቶልሃል። እሱን ለምን አትናገርም?

ጋሽ ታዬ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሳሚ፣ ውልህ እኛ እንደምናወራው ዓይነት ከሆነ በዓመትህ ስትዘጋው የሁለት ዓመት ወለድ፣ ከ900 ዶላር በላይ ቀርቶልሃል። መክፈልህ አይቆጭህ። ግን 600ዋ በሦስት ዓመት ልትሰራጭ የታሰበች ናት፣ አንተ በአንድ ዓመት ጨረስካት። ለአንተ የብድሩ ዋጋ ወረቀቱ ላይ ያለው 16.36 ሳይሆን 19.6 ገደማ ሆኗል። ኤፒአር የሚሰላው እስከ መጨረሻው በጊዜው ትከፍላለህ ተብሎ ነው። ቶሎ ለመዝጋት ያሰበ ሰው ፊ ያለበትን ብድር መሸሽ አለበት፣ ወለዱ ትንሽ ከፍ ቢልም እንኳ።

ሳሚ (ኡበር)፦ ይሄን የሚነግረኝ ሰው ያን ጊዜ ባገኝ።

ቤቲ፦ ያሬድ፣ አሁንም «የምትረሳ» ናት? መልስልኝ።

ያሬድ፦ በወር በወር አትጠየቅም ለማለት ነው የተናገረው። ቃል ይዘሽ አትሰንጥቂ።

ሃና (አዲስ አበባ)፦ እዚህም ያው ነው። በስልክ 5,000 ብር ለአንድ ወር ተበድሬ 250 ብር አገልግሎት ብለው ቀድመው ቆረጡ። 4,750 ነው የገባልኝ። 5 በመቶ ነው፣ ምንም አይደል ብዬ ተውኩት። የእናንተ ፊ ከእኛ ይበልጣል ማለት ነው?

ኪሩ፦ ኧረ ሃናዬ፣ ያንቺ ለአንድ ወር ነው! 250 ለ4,750 በወር 5.26 በመቶ ነው። በዓመት ሲሰላ 63 በመቶ ገደማ ይሆናል። ልክ ነኝ ጋሼ?

ጋሽ ታዬ፦ አሁን ልክ ነህ።

ሃና (አዲስ አበባ)፦ ምን 63? እኔ የከፈልኩት 250 ብር ነው! ዓመት አልተበደርኩም። ደሞዝ እስኪደርስ ነው። በዚያች ገንዘብ የልጄን መድኃኒት ገዛሁ። 63 በመቶ ስትሉኝ ያልከፈልኩትን እንደከፈልኩ ታደርጉታላችሁ።

ያሬድ፦ ይኸው! ሃና ጨረሰችው። ለአጭር ብድር ይህ ቁጥር ትርጉም የለውም። ማስፈራሪያ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

ጋሽ ታዬ፦ ሃና፣ የከፈልሽው 250 ብር ነው፣ በዚህ አንከራከርም። ለአንድ ጊዜ ከሆነ ብሩን ተመልክተሽ ብትወስኚ አልፈርድብሽም። በየወሩ እየደጋገሙ ለሚበደሩት ግን 63ቱ እውነት ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ያችን 4,750 ለመያዝ 12 ጊዜ 250፣ 3,000 ብር ይከፍላሉ። አንቺ ከየትኛው እንደሆንሽ አንቺ ታውቂያለሽ። ያሬድ ግን የሦስት ዓመቱን ብድር በሃና የአንድ ወር ብድር አትሸፍን።

ቤቲ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። እዚህ አሜሪካ ሕጉ ምን ይላል? አበዳሪ 12 ብቻ ብሎ ማስታወቅ ይችላል?

ጋሽ ታዬ፦ የብድር እውነት ሕግ የሚባለው በእ.ኤ.አ. 1968 ወጥቶ በ1969 ሥራ ላይ ውሏል። ፊ አትጠይቁ አይልም፣ ያሬድ በዚህ ልክ ነው። ግን ማስታወቂያ ላይ ሬት ከጠራህ ኤፒአሩን ጥራ ይላል። ተራውን ሬት ከጎኑ ልትጽፍ ትችላለህ፣ ከኤፒአሩ አጉልተህ ግን አይሆንም። ደንበኛ ደውሎ ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅም አበዳሪው በቃል የሚመልሰው ኤፒአሩን ነው። ከመፈረም በፊት በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ ደግሞ አራት ቁጥሮች ፈልጉ። ኤፒአሩ፣ የብድሩ ጠቅላላ ዋጋ በዶላር፣ በእርግጥ የተሰጣችሁ ገንዘብ፣ እና ጠቅላላ የምትከፍሉት። በእኛ ምሳሌ 16.36፣ ወደ 2,557፣ 9,400 እና 11,957 ናቸው። «የተሰጣችሁ» የሚለው ቦታ ላይ 10,000 ጠብቃችሁ 9,400 ካያችሁ ፊው የት እንደገባ ታውቃላችሁ።

ያሬድ፦ እሱ አበዳሪ አይደለም። ወገኑን የሚያስረዳ ሰው ነው። ይህ ሕግ እሱን አይመለከተውም።

ቤቲ፦ በላከው ሰው ልክ ኮሚሽን የሚከፈለው ከሆነስ? ይከፈለዋል ወይስ አይከፈለውም?

ያሬድ፦ እሱን ራሱን ጠይቂው። የሰው ኪስ አልቆጥርም።

ኪሩ፦ ይቅርታ፣ እናንተ ስትጣሉ የእኔ ነገር እንዳያልፍ። ሁለት ኦፈር አለኝ። አንዱ 13.9 በመቶ ሆኖ 3 በመቶ ፊ አለው። ሌላው 15.5፣ ያለ ፊ። የቱን ልያዝ?

ጋሽ ታዬ፦ ለስንት ጊዜ?

ኪሩ፦ ለውጥ ያመጣል እንዴ? ለ2 ወይም ለ5 ዓመት መምረጥ ትችላለህ ብለውኛል።

ጋሽ ታዬ፦ በደንብ ያመጣል። ለ2 ዓመት ከሆነ ፊ ያለው ወደ 17 በመቶ ይወጣል፣ 15.5ቱን ያዝ። ለ5 ዓመት ከሆነ ፊዋ ለብዙ ወራት ስለምትሰራጭ ወደ 15.3 ይወርዳል፣ በትንሹ ይሻላል። ግን እንደ ሳሚ በዓመትህ የምትዘጋው ከሆነ ያ ጥቅም ይጠፋል። ደግሞ እጅህ ላይ 10,000 ከፈለግህ፣ ከፊው ጋር 10,310 አካባቢ መበደር እንዳለብህ አትርሳ።

ያሬድ፦ አያችሁ! ፊ ያለው ብድር የሚሻልበት ጊዜ አለ። ጋሽ ታዬ ራሳቸው ተናገሩ።

ቤቲ፦ የሚሻለው ተሰልቶ ሲታይ ነው ያሬድ። ሰውየው ደግሞ አታስሉ ነው ያለው። ቅዳሜ ላይቭ ሲገባ እኔም እገባለሁ። «ኤፒአሩ ስንት ነው?» ብዬ በስሜ እጽፋለሁ። እንዳያስወጣኝ ንገረው።

ያሬድ፦ ግቢ። በአክብሮት ከጠየቅሽ ይመልስልሻል።

ሳሚ (ኡበር)፦ ሊንኩን እዚህ ላኩልን። እኔም የ600ዋን ጥያቄ ይዤ እመጣለሁ።